ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ጠርዝ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። አንድ አባት ከዓመት በላይ ክፍላችን እየገቡ እየወጡ ታከሙና ባለፈው ሳምንት ሌሊት አረፉ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሁላችንም ‹አባባ› ነበር የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ዶክተሮቹ ሲመጡ ‹እኔን ተዉኝ፤ መጀመሪያ ይህን ልጅ እዩት› እያሉ አጠገባቸው የተኛውን ያሳዩን ነበር። ሴት ልጃቸው ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ከረመች፤ የዚያን ሌሊት ግን ልብስ ልትቀይር ቤት ሄዳ ነበር። በሽታውን ልጆቹ ያውቃሉ። እናትየው ግን ‹ጨጓራ ነው› ተብለው ነው። ቤታቸው ወደ ሰንዳፋ መውጫ ነው። እናትየው አያነቡም፤ ኦሮምኛም ይቀናቸዋል። አሁን እንደ ክፍል የሐዘን ደብዳቤ ልንጽፍ አስበናል። ጽፈን አናውቅም። ዶክተራችን ‹የጻፋችሁት ፍርድ ቤት ይቀርብባችኋል› ይላል። ረቂቃችን ይኸው፦

‹ጉዳዩ፦ የሐዘን መግለጫን ይመለከታል። ታካሚያችን አቶ … በጨጓራ ካንሰር ምክንያት በሆስፒታላችን ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው በደረሰባቸው ከፍተኛ የደም መፍሰስ ሕይወታቸው አልፏል። የሕክምና ቡድናችን የተቻለውን ጥረት ሁሉ ያደረገ ቢሆንም ሕይወታቸውን ማትረፍ አልተቻለም። የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን።›

እንዴት እናስተካክለው? መቼስ እንላከው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ረቂቁን ከመንካታችን በፊት ፖስታው እዚያ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንይ። እናትየው ይቀበላሉ። አያነቡምና «ና እስቲ፣ ይህን አንብብልኝ» ብለው አንዱን የልጅ ልጅ ይጠራሉ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ይሆናል፣ ስምንተኛ ይሆናል። ቤቱ ደግሞ የለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤት አለ፣ የእድር ሴቶች አሉ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ አለ። ልጁ መሐል ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ያሉት ሁሉ ይሰማሉ።

አሁን ረቂቃችሁን በዚያ ልጅ ድምፅ አንብቢው። «በጨጓራ ካንሰር ምክንያት።» እናትየው ከዓመት በላይ ያልተነገራቸውን ነገር ከልጅ ልጃቸው አፍ ሰሙ። ልጆቻቸው እንደደበቋቸው አወቁ። ያወቁትም በጎረቤት ፊት ነው። እናንተ ልታጽናኑ ነበር የጻፋችሁት።

ስለዚህ የበሽታው ስም ይውጣ። ይህን ለእናንተ አባባ ብቻ አልልም። በማንኛውም የሐዘን ደብዳቤ ላይ የበሽታ ስም አይጻፍም። ለማን ምን እንደሚነገር የሚወስነው ሕመምተኛው ነበር። እሳቸው ባይኖሩም ምስጢሩ የእናንተ አልሆነም። ሕጉም ቀልድ አያውቅም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት ያስቀጣል። የምትጽፉበትን ወረቀትም እዩት። አንዳንዴ ገላጩ ከላይ የታተመው ራስጌ ወይም ማኅተሙ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ ክፍል» የሚል ማኅተም ከታች ካረፈ፣ ከላይ ምንም ባትጽፉ ተናግራችኋል። የእናንተ የውስጥ ደዌ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። ግን ለዚህ ደብዳቤ ማኅተምም አያስፈልግም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ከፍተኛ የደም መፍሰስ»ም በዚያው ይውጣ። እሱ የሞት ማጠቃለያ ላይ የሚጻፍ ነው። አንቺ ያንን ሌሊት አይተሻል፤ ልጅቷ ግን አላየችም። በዓይኗ ያላየችውን ነገር በወረቀት ሥላችሁ አትስጧት።

ቀጥሎ «የተቻለውን ጥረት ሁሉ» የሚለው አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት የሆስፒታል ደብዳቤ አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የጻፋችሁት በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰሚው ጋር ሲደርስ ግን መከላከያ ይመስላል። ማንም ሳይከሳችሁ መልስ ሰጣችሁ። ወንድ ልጁ ያን ቀን እስኪሰማው ድረስ ጥያቄ ላይኖረው ይችላል። ከሰማ በኋላ ግን «ጥረት ሁሉ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ያልተደረገ ነገር ነበር እንዴ?» ይላል።

ዶክተራችሁ የፈራው ነገርም መልሱ እዚሁ ነው። ደብዳቤው ስለ ሕክምናው አንድም ነገር ካላለ፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። «በማረፋቸው አዝነናል» ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም። ጎረቤትም ይለዋል። ጠበቃ ሊይዘው የሚችለው ረቂቁ ላይ ያለውን ነው፦ ምክንያቱን፣ የደሙን ነገር፣ «ሁሉ» የሚለውን ቃል። እነዚህ የሕክምና መግለጫዎች ናቸው፤ ካርዱ ላይ ካለው በአንዲት ቃል እንኳ ቢለዩ ጥያቄ ያስነሳሉ። ስለዚህ ለዶክተሩ እንዲህ በዪው፦ «የምትፈራውን ክፍል አውጥተነዋል፤ የቀረውን ፈርምልን።»

በአንድ ነገር ግን ዶክተሩ እውነቱን ነው። ቤተሰቡ አቤቱታ አቅርቦ ከሆነ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ የተሳሳተ ነገር እንደነበር ካወቃችሁ፣ ደብዳቤው ይቆይ። ስሕተት በደብዳቤ ጥግ፣ በሐዘን ቃል መሐል አይነገርም። ፊት ለፊት፣ ካርዱ ተይዞ፣ የሕክምና ዳይሬክተሩ እያወቀ ነው የሚነገረው። ያ ካለቀ በኋላ መጻፍ ይቻላል።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርሽ፤ ሳታውቂው እንድትጽፊ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት አለ። በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ ሰው የሞተባቸውን 242 የቤተሰብ አባላት በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ ሐኪሙና ነርሷ በእጅ ጽፈው፣ ሞቱ ከደረሰ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሐዘን ደብዳቤ ላኩላቸው። ለግማሾቹ ምንም አልተላከም። አጥኚዎቹ ደብዳቤ የደረሳቸው ይሻላቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ግን የድባቴ ምልክት የታየባቸው ደብዳቤ ከደረሳቸው ከ100 ወደ 37 ሲሆኑ፣ ካልደረሳቸው ወደ 25 ነበሩ። በድንጋጤ ትዝታ የሚቸገሩትም ደብዳቤ ከደረሳቸው መሐል በዙ።

ይህ ማለት አትጻፉ ማለት አይደለም። የጽኑ ሕሙማን ሞት ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው፤ ሐኪሙና ቤተሰቡ በጥቂት ቀን ውስጥ ተዋውቀው ይለያያሉ። እናንተ ከዓመት በላይ አብራችሁ ከርማችኋል። ልጅቷ የነርሶቹን ተራ ከአለቃችሁ ይበልጥ ሳታውቅ አትቀርም። ከዚያ ቤት ጋር ያላችሁ ነገር ሌላ ነው። እኔ ከጥናቱ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደብዳቤ ጉዳት የሌለው ትንሽ ደግነት አይደለም፤ ቁስል ይነካል። ሁለተኛ፣ ብቻውን ከተላከ ጥያቄ ቀስቅሶ መልስ ሰጪ ሳያስከትል ይቀራል። ስለዚህ የምትልኩት ወረቀት ከኋላው ሰው ይኑረው።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ለእኔ በጻፍሽው ውስጥ ከረቂቁ ሁሉ የሚበልጥ አንድ መስመር አለ፤ ረቂቁ ላይ ግን የለም። «እኔን ተዉኝ፤ መጀመሪያ ይህን ልጅ እዩት።» ይህ ነው ደብዳቤው። ረቂቃችሁ ላይ ስሙን ቀይረሽ ለሌላ ሕመምተኛ ብትልኪው ማንም አያውቅም። ይህ መስመር ያለበት ደብዳቤ ግን የማንም ሊሆን አይችልም፤ የአባባ ብቻ ነው። እናትየው ሲሰሙት «አዎ፣ እሱ እንዲህ ነው!» ይላሉ። የለቅሶ ቤት ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሙሾ አውራጇም የሟቹን ነገር ነው የምታነሳው፤ ሰው ሁሉ ላይ የሚሆን ነገር አታወጣም።

ሌላ ጊዜ ለሌላ ሰው ስትጽፉ እንዲህ ያለውን መስመር ከየት ታገኙታላችሁ? ከካርዱ አታገኙትም። ጠዋት ርክክብ ላይ ሁሉም ባለበት «ስለ እሳቸው አንድ ያያችሁትን ነገር ንገሩኝ» በዪ። የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ ምግብ የምታድለዋንም፣ ጥበቃውንም ጠይቂ። በእኔ ልምድ ጥሩውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ ሐኪም ሲጠየቅ የላቦራቶሪ ውጤት ያስታውሳል። ከሚመጣው ውስጥ አንዷን ብቻ ምረጡ። ሦስት ከተጻፈ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ይሆናል።

የምትመርጡት ነገር ሦስት ወንፊት ይለፍ። ክብራቸውን የማይነካ ይሁን፤ አለቀሱ፣ ፈሩ፣ አልጋ ላይ ይህ ሆነ የሚል አይገባም። ሌላ ሕመምተኛን የማይገልጥ ይሁን፤ «አጠገባቸው የተኛውን ልጅ» ማለት ይበቃል፣ ስሙና ሕመሙ አይነሳ። ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ይረሳል። ሰው ሌሊት ላይ ለነርስ ብዙ ነገር ይናገራል። ስለ መሬት፣ ስለ ውርስ፣ ቤተሰቡ ስለማያውቀው ልጅ ሳይቀር ይናገራል። «አባባ አንድ ሌሊት እንዲህ አጫውተውኝ ነበር» ብለሽ በቅንነት የጻፍሽው ነገር ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ሰው በተሰበሰበበት ያሉትን እንጂ ለብቻሽ ያሉሽን አትጻፊ። የእናንተዋ መስመር በዶክተሮች ዙር ላይ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ የተባለች ናት። ምንም አይላት።

አሁን ከባዱ ክፍል፤ ያ ሌሊት። ሐዘንተኛ ስለ መጨረሻዋ ሰዓት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ብቻውን ነበር ወይ? ተሠቃይቷል ወይ? ደብዳቤ ጸሐፊ ሁሉ እዚህ ጋ «በሰላም አረፉ» ብሎ ማለፍ ያምረዋል። አትጻፉት። እንዲያ ባለ የደም መፍሰስ የሞተ ሰው በሰላም አረፈ አይባልም፤ አልጋውን ያየው አጠገባቸው የተኛው ልጅ እንኳ አንድ ቀን ለቤተሰቡ ሊነግር ይችላል። ያኔ የደብዳቤው ሌላው ቃል ሁሉ ውሸት ይመስላል። የሕመም ማስታገሻውም እንዲሁ ነው። በዚያ ሰሞን ሞርፊን አልቆባችሁ ከነበረ «ያለ ሕመም» የምትል ቃል እንዳታስገቡ። ስለ ሕመሙ ዝም ማለት ይቻላል፤ መዋሸት ግን አይቻልም።

እውነት የሆነውን ጻፉ። አንቺ አጠገባቸው ከነበርሽ «ብቻቸውን አልነበሩም» ማለት ትችያለሽ፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ አልጋ ጋ ሆነሽ ደርሰሽ ካገኘሻቸውስ? አንድ ነርስ ለስንት አልጋ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ወደ ኋላ ተመለሺና እርግጠኛ የሆንሽበትን ፈልጊ፤ «ማታ ውሃ ጠይቀውኝ ሰጠኋቸው፣ መረቁኝ» የሚል ነገር ካለ እሱ ይበቃል። ካርዱ ላይ የጻፍሽውን ሰዓት ደግመሽ እዪ፤ ትዝታሽና ካርዱ ይግጠሙ።

የልጅቷን ነገር ተጠንቀቂ። «እርስዎ ባልነበሩበት ሰዓት» የሚል ነገር፣ ለማጽናናት ተብሎም ቢሆን፣ ወረቀቱ ላይ አይግባ። ልጁ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ የእድር ሴቶች «ለካ አልነበረችም» ይላሉ። ከዓመት በላይ ካርቶን ላይ የተኛች ልጅ በአንድ ሌሊት ትታማለች። እሷን በሚመለከት ደብዳቤው የሚለው ያያችሁትን ማስታመም ብቻ ይሁን። ሌሊቱን የሚመለከተውን ለብቻዋ፣ በአፍ ትነግሪያታለሽ።

እንግዲህ እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል። ባዶዎቹን እናንተ ትሞላላችሁ፤ ያልሆነ ነገር ካለበትም ታወጣላችሁ።

«ለእማማ … እና ለልጆቻቸው፦

አባባን (አቶ …ን) ያስታመምን የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነን። አባባ በማረፋቸው በጣም አዝነናል።

አባባ ከእኛ ጋር ብዙ ጊዜ ቆይተዋል። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ወደ አልጋቸው ሲመጡ ‹እኔን ተዉኝ፤ መጀመሪያ ይህን ልጅ እዩት› ይሉ ነበር። አጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ ማለታቸው ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት በዚያ አልጋ ስናልፍ ይህ ንግግራቸው ይመጣብናል።

ልጃቸው … ቀንም ሌሊትም እንዴት እንዳስታመመቻቸው ዓይተናል። … ከሥራ እየወጣ ሲመላለስ ዓይተናል። አባባ የሰው ሀብታም ነበሩ።

በመጨረሻዋ ሰዓት ብቻቸውን አልነበሩም። ሲስተር … አጠገባቸው ነበረች።

ልትጠይቁን የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ አሁንም ይሁን ከወራት በኋላ፣ ሲስተር … በዚህ ስልክ ትገኛለች፦ …

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

አጭር ናት። ልጁ ሳይደናቀፍ ይጨርሳታል። «ጉዳዩ» የለባትም፣ የደብዳቤ ቁጥር የለባትም፣ ማኅተም የለባትም። በእኛ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤት ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ክፍያ ወይም ክስ ነው። በእጅ ጻፉት፤ ጽሑፉ የሚነበብለትን ሰው ምረጡ፣ ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። ቀልዴን አይደለም።

የመጨረሻዋ መስመር የቤተሰቡን እምነት ትከተላለች። ሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። ፕሮቴስታንት ቤት ከሆነ ስለ ሟቹ ነፍስ የሚለምነው ቃል ይቀርና «ጌታ ያጽናናችሁ» ይሆናል። ከስም ብቻ አትገምቱ፤ ካላወቃችሁ ልጅቷን ጠይቁ። ኦሮምኛ የሚጽፍ ባልደረባም ፈልጉ። ከዚያ አካባቢ የመጣ አንድ ሰው ክፍላችሁ ውስጥ አይጠፋም። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት፣ ኦሮምኛውን ከላይ አድርጉት። ደብዳቤው ለእናትየው ነውና በሚቀናቸው ቋንቋ ይስሙት። ግን የሚጽፈው ሰው በራሱ አነጋገር ይጻፈው፤ የአማርኛውን ቃል በቃል እንዲያዞር አታስገድዱት።

ከታች «የክፍሉ ሠራተኞች» ብላችሁ አትለፉ። ቤተሰቡ የሚያውቃቸው ሰዎች ስማቸውን ይጻፉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስም ከዶክተሩ ስም ጎን ቢቀመጥ እናትየው የሚያስታውሷት እሷን ሊሆን ይችላል። ሌላ ክፍል የተዛወረ ሬዚደንት ካለ ደውላችሁ አስፈርሙት። በአንጻሩ አባባን አንድ ቀን እንኳ ያላየ ኃላፊ ለክብር ተብሎ አይፈርም።

መቼ? በድንኳኑ ውስጥ አይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ማን ምን እንዳለ አይሰማም፤ ወረቀቱም የእድሩ ወንበር ሥር ይቀራል። ወደ አርባው ሲጠጋ ደግሞ ለተዝካሩ እህል ይፈጫል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ወጪው ያስጨንቃል። ቤቱ ጭር የሚለው በመሐሉ ነው፤ ከሰባቱ በኋላ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሲመለስ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ይሁን። ዛሬ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበውና ሌሎቻችሁ ስሙት። ጆሮ ላይ የሚያሻክር ቃል ያኔ ይያዛል። ሙስሊም ቤት ከሆነ አርባን መጠበቅ የለም፤ የተዕዚያው ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ይሁን።

በምን ይሂድ? ፖስታ ቤት በአብዛኛው የሚሠራው በሳጥን ቁጥር ነው፤ የሰንዳፋ መውጫ ቤት ደግሞ ሳጥን አይኖረውም። በቴሌግራም ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ በሰዓቱ አሜሪካ ድረስ ይዞራል። ሰው ይውሰደው፤ አንቺ ብትሆኚ ጥሩ ነው። ቀድመሽ ለወንድ ልጁ ደውይ። ለእሱ ደብዳቤው ምን እንደያዘ በስልክ አንብቢለት። የእናቱን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው፤ «ይህቺን ቃል አውጪልኝ» ካለ አውጪ። «አትምጡ» ካለም አትሂዱ። ደብዳቤው ክፍላችሁ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ምንም አይጎዳም።

ከመሄድሽ በፊት ሒሳብ ክፍል ጎራ በዪ። ያልተከፈለ ዕዳ ካለ፣ የማስታወሻ ወረቀት በዚያው ሳምንት እንዳይላክ ተነጋገሪ። የሐዘን ደብዳቤ ሰኞ፣ የዕዳ ደብዳቤ ረቡዕ ከደረሰ፣ የመጀመሪያውን ማንም አያምነውም። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። ሞት ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይረሳዋል፤ ኋላ ለጡረታውም ለውርሱም ይፈለጋል። ይህን ለወንድ ልጁ በአፍ ንገሪው፤ ከሆስፒታሉ የሚወስደው የሞት ማሳወቂያ ካልደረሰው ለብቻው በሌላ ፖስታ አድርጊለት። ከሐዘኑ ወረቀት ጋር አንድ ላይ አይታጠፍ።

ስትደርሺ ቁጭ በዪ፣ ቡናውንም ጠጪ። አትቸኩዪ፤ ግን ብዙም አትቆዪ። ስትወጪ ልጅቷ ትሸኝሻለች፤ ከበሩ ውጭ ስትሆኑ ትጠይቅሻለች። «ጠርቶኝ ነበር?» ትል ይሆናል። ያልሆነውን አትፍጠሪላት። ስሟን ጠርተው ከነበረ እውነቱን ንገሪያት፤ ካልጠሩ «ብዙ ጊዜ አልነበረም፣ በድንገት ነው የሆነው፣ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ» በያት፤ እንዲያ ከነበረ። «ሂጂ፣ ልብስሽን ቀይረሽ ነይ» ያሏት እሳቸው ራሳቸው ከነበሩ፣ ወይም አንቺ ከነበርሽ፣ ያንን አስታውሻት። የላኳት እናንተ ናችሁ፤ ጥላ የሄደች አይደለችም። ይህን ከአንቺ አፍ ካልሰማችው ከሌላ ማንም አትሰማውም።

ወንድ ልጁ ደግሞ ከወር በኋላ ክፍላችሁ በር ላይ ቆሞ ታገኚው ይሆናል። ስልክ ቁጥር ስለሰጣችሁት ነው የመጣው። ኮሪደር ላይ አትመልሱለት። አባቱን የሚያውቀው ሐኪም መቼ እንደሚገኝ ጠይቀሽ ቀን ስጪው። በዚያ ቀን ካርዱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ፣ ሐኪሙ አንብቦት፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ተገኝቶ ይጠብቀው። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀደም ብለን ብናመጣው ኖሮ?» የሚለውን ነው። ለዚህ መልሱን ሐኪሙ ቀድሞ ያስብበት፤ የሆድ ሕመም ለወራት የጨጓራ መድኃኒት እየተገዛለት እንደሚቆይና እንዲህ ያለው በሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እንደሚታወቅ በቀላል አማርኛ ይንገረው። ያኔም እናቱ አብረው ከመጡ፣ ሐኪሙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ «እማማ ምን ድረስ ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁት።